ማታ በጊዜ ያልተኛ ልጅ አይረዝምም?

«ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ካልተኛ የእድገት ሆርሞኑ ያመልጠዋል።»

ሆርሞኑ የግድግዳ ሰዓት አያይም። የሚከተለው እንቅልፉን ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ የአተር ፍሬ የምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞኑን ቀኑን ሙሉ እኩል አታፈስም፤ በዙር በዙር ትለቀዋለች። ትልቁ ዙር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ልጁ እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ከመኪና አውርዳችሁ፣ ጫማውን አውልቃችሁ አልጋ ላይ ስታስተኙት እንኳ የማይነቃበት ሰዓት ማለት ነው። 3 ሰዓት ላይ የተኛው 4 ሰዓት ግድም ያገኘዋል፣ 5 ሰዓት ላይ የተኛው ደግሞ 6 ሰዓት ግድም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አምሽቶ የተኛ ልጅ ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲቀሰቀስ እንቅልፉ ይጎድላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

«አንድ ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ቁመቱ ላይ ይቀነሳል።»

አይቀነስም። አዋቂ ወንዶች ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ እንዲያድሩ ተደርጎ ሲለካ የሌሊቱ ትልቅ ዙር ጠፍቷል፤ ቀን ላይ ግን ሰውነታቸው አካክሶታል። በዚያ ላይ አጥንት በአንድ ሌሊት ሥራ አይረዝምም። ሆርሞኑ ጉበትን አይጂኤፍ-1 የሚባል ሌላ ሆርሞን እንዲያመርት ያዛል፤ የዚህኛው መጠን ከሰዓት ሰዓት ብዙም አይዋዥቅም።

«ጠዋት ደም ሰጥቶ የእድገት ሆርሞኑ ዝቅተኛ ነው ተባለ። እጥረት አለበት ማለት ነው።»

ይሄ ብዙ ወላጅ በከንቱ ያስጨንቃል። በሁለት ዙሮች መሃል የጤነኛ ልጅ ደም ውስጥም ሆርሞኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዴ የተቀዳ ደም የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አይጂኤፍ-1ን የሚያዩት፤ ካጠራጠራቸውም ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሰጥተው ደሙን ደጋግመው የሚቀዱት።

ከሁሉም በፊት ግን ሜትር አለ። ልጁን ያለ ጫማ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክታችሁ ለኩት። አምና መስከረም 110 ሳንቲ ሜትር የነበረ የ5 ዓመት ልጅ ዘንድሮ 115.5 ከሆነ፣ 5.5 አድጓል። ከክፍል ጓደኞቹ ቢያጥርም አካሄዱ ደህና ነው። 113 ብቻ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። ከ4 ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ በዓመት ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች ማደግ መታየት አለበት።

«ያንኮራፋል እኮ! ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል።»

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ እውነትም እድገትን የሚነካው። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ዕጢ ያበጠ ልጅ ትንፋሹ እየተቋረጠ፣ ጥልቁ እንቅልፍ ይቆራረጥበታል። አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያልበዋል፣ ለመተንፈስ ሲታገል ጉልበት ይጨርሳል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣላቸው ክብደትም ቁመትም ቶሎ የሚጨምሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ በማነቅ ዓይነት ድምፅ ከቀጠለ በስልካችሁ ቅረጹትና ለአንገት በላይ ሐኪም አሳዩ።