ሌክቸርን ወደ ቁም ክሊፕ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቪዲዮው ፉል ኤችዲ ነው፤ ግራና ቀኙን ብቆርጠው ጥራቱ አይነካም።»

ይነካል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ቁመቱን ሳትነካ 9 በ16 ስትቆርጥ ስፋቱ 608 ገደማ ብቻ ይቀራል። ከምስሉ ሁለት ሦስተኛው ተጣለ ማለት ነው። ያ ቁራጭ 1080 በ1920 እንዲሞላ ሲለጠጥ ፊት ይለሰልሳል፣ የሰሌዳ ጽሑፍ ይደበዝዛል። በፎር ኬ ከተቀረጸ ግን ቁራጩ 1215 ፒክስል ስፋት ስላለው መለጠጥ አያስፈልገውም። ክሊፕ እንደሚወጣለት ከወዲሁ ከታወቀ ካሜራው ፎር ኬ ላይ ይሁን።

«ተናጋሪው መሃል እንዲሆን የቪዲዮውን መሃል መቁረጥ ነው።»

የሌክቸር ቪዲዮ መሃል ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ባዶ ግድግዳ ወይም የስላይድ ጠርዝ ነው። መምህሩ ወደ ጎን ቆሟል። አፍንጫው ከግራ ጠርዝ 1300ኛው ፒክስል ላይ ነው እንበል። የቁራጩን ግማሽ፣ 304ን፣ ቀንስለት፤ 996 ይመጣል። መቁረጥ የምትጀምረው ከዚያ ነው። ከ12ኛው ደቂቃ ከ40ኛው ሰከንድ ጀምሮ 45 ሰከንድ ቆርጦ የሚያወጣው የffmpeg ትእዛዝ ይኸው፦

```
ffmpeg -ss 00:12:40 -i lecture.mp4 -t 45 -vf "crop=608:1080:996:0,scale=1080:1920,setsar=1" clip.mp4
```

ይህ የሚሠራው ሰውየው ከፖዲየሙ ካልራቀ ነው።

«ከተንቀሳቀሰም ኦቶ ሪፍሬም ይከተለዋል፤ እኔ ምን አገባኝ?»

ይከተላል፣ ችግሩም እሱ ነው። መምህሩ ትንሽ በተወዛወዘ ቁጥር ፍሬሙም አብሮ ሲወዛወዝ ተመልካቹን ያዞረዋል። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ Auto Reframe ስትጠቀም ለሌክቸር Slower Motion የሚለውን ምረጥ። ሰውየው ሊጽፍ ጀርባውን ሲሰጥ ወይም ስላይዱ ላይ የሌላ ሰው ፎቶ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ሊሳሳት ይችላል። እዚያ ቦታ ላይ ኪፍሬም በእጅህ አስቀምጥ።

እኔ የምመርጠው ፍሬሙን ዝም ማሰኘት ነው። ፊቱ ከመሃል ትንሽ ግራ ቀኝ ቢል ግድ የለም። ከፖዲየም ወደ ሰሌዳ ሲሄድ ብቻ ፍሬሙ አንዴ በዝግታ ይሂድና ይቁም። ወይም ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ቆርጠህ አዲሱ ቦታ ላይ ጀምር። መበላሸቱን ለማወቅ ተናጋሪውን ትተህ ከኋላው ያለውን የሰሌዳ ጠርዝ እይ። እሱ የሚዋኝ ከሆነ ከልክ በላይ እየተከተልክ ነው።

«ስላይዱ ቢቆረጥም ድምፁ ይበቃል።»

«እዚህ ጋ እንደምታዩት» ካለ አይበቃም። ያኔ ስክሪኑን ለሁለት ክፈለው። ስላይዱ ከላይ 1080 በ608 ይያዝ፣ መምህሩ ከታች የቀረውን 1312 ይውሰድ። ለዚህ ከፉል ኤችዲው 889 ፒክስል ስፋት ስለምትወስድ መለጠጡም ይቀንሳል፣ እጁን ሲያወናጭፍም አይቆረጥበትም። ስላይዱን ካሜራው ከቀረጸው ሳይሆን ከራሱ ፋይል አውጣው። ከላይ መሆኑም በምክንያት ነው፦ ቲክቶክና ሾርትስ መግለጫውን ታች፣ ላይክና ኮሜንቱን ደግሞ ወደ ታች በቀኝ በኩል ይደርቡበታል።