«ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ክፍል አለን» ማለት ምን ማለት ነው? የሆቴል አጻጻፍና የሠራተኞች ሥልጠና

በብዙ ሆቴሎች ድረ ገጽና ብሮሹር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ክፍሎች አሉን።» ጨዋ ይመስላል። ነገር ግን በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ይህን አንብቦ ምንም አያውቅም። መታጠቢያ ቤቱ በር ዊልቸሩን ያስገባል? ሻወሩ ጋ ደረጃ አለ? የአልጋው ከፍታ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሰውዬው ይናገራል እንጂ ስለ ክፍሉ አንዳች አይነግረንም።

በሆቴል ሥራ አክባሪ አነጋገር ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰውን የምንጠራበት ቃል ነው። ቃሉ ቦታ አለው። «ሽባ»፣ «አንካሳ»፣ «ደንቆሮ»፣ «ድዳ» የሚሉት በሥራ ቦታ ጨርሶ መነገር የለባቸውም። ከነሱ ይልቅ «በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ»፣ «መስማት የተሳናቸው»፣ «ማየት የተሳናቸው» ወይም «ዓይነ ስውር» ይባላል። «ዓይነ ስውር» የዓይነ ስውራን ማኅበራት ራሳቸው በስማቸው የሚጠቀሙበት ቃል ስለሆነ ሠራተኛው ሊፈራው አይገባም። እንግዳው ራሱን በሌላ ቃል ከጠራ ደግሞ የእሱን ቃል መከተል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ቃል አለ፤ «ጤነኛ» የሚለው። «ይሄ ሊፍት ለጤነኞች ነው» ወይም «ጤነኛ እንግዶች በደረጃው ይውጡ» ሲባል፣ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ታማሚ ተደርጎ ተቆጠረ ማለት ነው። ሰውዬው ግን ላይታመም ይችላል፤ እግሩ አይራመድም እንጂ። «ሌሎች እንግዶች» ማለት ይበቃል። «በዊልቸር የታሰረ» የሚለውም እንደዚሁ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዊልቸሩ የሚያንቀሳቅሰው እንጂ የሚያስረው ነገር አይደለም።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ክፍሉን በመግለጽ ላይ ነው። አሜሪካ ይህን በሕግ ያስገደደችው ከመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሆቴሎች ክፍል ሲያስይዙ ስለ ተደራሽነቱ በቂ ዝርዝር መስጠት አለባቸው፤ እንግዳው ክፍሉ ይሆነው እንደሆነ ራሱ መወሰን እንዲችል። የሐሳቡ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ «ይሆንዎታል» ብሎ መወሰን የሆቴሉ ድርሻ አይደለም። የሆቴሉ ድርሻ መለካትና መናገር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከላይ ያየነው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢጻፍስ፦

«ክፍል 104 መሬት ላይ ነው። ከዋናው በር እስከ ክፍሉ ደረጃ የለም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት 82 ሴንቲ ሜትር ያሳልፋል። ሻወሩ ከወለሉ ጋር እኩል ነው፤ መቀመጫና የእጅ መያዣ ብረት አለው። አልጋው ከወለል እስከ ፍራሹ አናት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአልጋው ሥር ክፍት ቦታ የለም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። የሌለውን ነገር በግልጽ ይናገራል። አንዳንድ እንግዶች ከዊልቸር ወደ አልጋ የሚያነሳቸው መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ የመሣሪያው እግር ከአልጋው ሥር መግባት አለበት። ክፍት ቦታ ከሌለ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ከደረሱ በኋላ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ ማወቅ አለባቸው።

በር ሲለካም የተለመደ ስህተት አለ። ሠራተኛው ሜትሩን ከፍሬም እስከ ፍሬም ይዘረጋና 88 ብሎ ይጽፋል። በሩ ሲከፈት ግን የራሱ ውፍረት ቦታ ይይዛል፤ አንዳንዴም እስከ መጨረሻው አይከፈትም። መለካት ያለበት በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። የአሜሪካ መለኪያ ለዚህ ቢያንስ 81.5 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል።

የማስያዣ ቅጹም እንዲሁ ነው። «የአካል ጉዳት አለብዎ?» የሚለው ጥያቄ እንግዳውን ስለ ሰውነቱ ያናዝዘዋል፤ ለሆቴሉ ግን የሚጠቅም መልስ አያስገኝም። «አለብኝ» ቢል ምን ይዘጋጃል? ከዚህ ይልቅ የሚመረጡ ነገሮችን መዘርዘር ይሻላል፦ ደረጃ የሌለው ሻወር፣ በብርሃን ወይም በንዝረት የሚያነቃ የእሳት ማንቂያ፣ በጽሑፍ መልእክት መነጋገር፣ በብሬል ወይም በድምፅ የተዘጋጀ ሜኑ፣ ለመሪ ውሻ ቦታ። ሆቴሉ የሌለውን ነገር እዚያ ላይ መደርደር ግን የባሰ ነው። እንግዳው አምኖ ይመጣል።

በቃል ሲሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እንግዳ ተቀባዩ ዓይነ ስውሩን እንግዳ ትቶ አብሯቸው የመጣውን ሰው «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «እርስዎ» የምንልበትና «እሳቸው» የምንልበት የግስ መልክ አንድ ስለሆነ ሠራተኛው ጥፋቱን ላያስተውለው ይችላል፤ ፊቱ ወደ ማን እንደዞረ ግን እንግዳው ከድምፁ ይለያሉ። ስለዚህ በሥልጠና ላይ መጀመሪያ የሚለመደው ፊትን ማዞር ነው። በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲኖርም ዓይን እንግዳው ላይ፣ ንግግሩም «እርስዎ» ብሎ ለእንግዳው ነው።

«አይዞህ» የሚለው ቃልም መነሣት አለበት። ከልብ ይባላል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ቁልፍ ሊቀበል የመጣ ሰው ምንም ችግር አልደረሰበትም። «አይዞህ»፣ «እግዜር ይማርህ» ሲባል እንደ ታማሚ ይታያል። ዕድሜያቸው 50 የሆነ እንግዳ «የኔ ልጅ» ወይም «አንተ» ሲባሉም ያው ነው። ለሌላው እንግዳ የሚባለው «እንኳን ደህና መጡ» ለእሳቸውም ይበቃል።

ማየት ለማይችል እንግዳ «እዚያ ጋ ነው» ማለት መንገድ ማሳየት አይደለም። «ከፊትዎ ሦስት ደረጃ ወደ ታች አለ፤ ሊፍቱ ከዚያ በስተግራ ነው» ይባላል። እጃቸውን ይዞ ከመጎተት በፊት «ክንዴን ይይዛሉ?» ብሎ መጠየቅ፤ እሺ ካሉ ክንድን አቅርቦ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መሄድ ነው። «ቴሌቪዥን ይዩ» ወይም «ነገ እንተያይ» ማለት ግን ስህተት አይደለም። ሠራተኛው እያንዳንዱን ቃል እየፈራ ዝም ካለ እንግዳው ይበልጥ ብቸኛ ይሆናሉ።

ስለ ሥልጠናው አንድ ነገር በግሌ ልናገር። ሠራተኞችን ዓይናቸውን በጨርቅ አስሮ ኮሪደር ማስኬድ የተለመደ ነው። አልወደውም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚሰማቸው ፍርሃት ነው፤ በነጭ በትር ለዓመታት የተጓዘ ሰው ግን በፍርሃት አይኖርም። ሠራተኛው ከዚያ የሚወጣው አዝኖ ነው፤ ያዘነ ሰው ደግሞ «አይዞህ» ይላል። ለአንድ ከሰዓት ዓይነ ስውር አሠልጣኝ ተከፍሏቸው ቢመጡና ከሪሴፕሽን እስከ ክፍሉ በእውን ቢጓዙ የሚሻል ይመስለኛል። የሥልጠናው ጽሑፍ ያላሰበውን የሚያርሙት እሳቸው ናቸው።

ሥልጠናው መግባቱን ለማወቅ ደግሞ ሠራተኞች እርስ በርስ የሚጻጻፉትን ማየት ነው። እንግዳ የማያየው የፈረቃ መረካከቢያ መዝገብ ላይ «306፦ ደንቆሮ» ወይም «ዊልቸሩ ደርሷል» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተለወጠም። ከዚህም በላይ አደጋ አለው፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ የፈረቃው ሰው ከዚያ ቃል ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። በትክክል የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «306፦ እንግዳዋ የእሳት ደወል አይሰሙም። ከትራስ ሥር የሚቀመጥ የንዝረት ማንቂያ ተሰጥቷቸዋል፤ ተሞክሮ ሠርቷል። ደወል ካለ አንድ ሰው በዋና ቁልፍ ገብቶ መብራቱን እያበራና እያጠፋ ይቀስቅሳቸው። በዚህ ተስማምተናል።»