ለአቅራቢ የሚጻፍ የዕቃ ጉዳት ቅሬታ ምንድን ነው?

የዕቃ ጉዳት ቅሬታ ማለት ገዢ የተረከበው ዕቃ ተሰብሮ ወይም ተበላሽቶ ሲያገኘው ለአቅራቢው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይይዛል፦ የተጎዳው ምን ያህል እንደሆነ፣ ይህ በምን እንደሚታወቅ፣ አቅራቢው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ። ብዙ ነጋዴዎች ሦስተኛውን ይዘነጉታል። ንዴታቸውን በረጅሙ ጽፈው «አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድልን» ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የተቀበለ አቅራቢ «እንመለከተዋለን» ብሎ ቢያስቀምጠው አልፈርድበትም፤ እንዲፈጽም የተጠየቀው ነገር የለምና።

ሥራው በምሳሌ ይታይ። ደሴ ላይ የግንባታ ማጠናቀቂያ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አስመጪ 200 ካርቶን የወለል ሴራሚክ አዘዘ እንበል። መጠኑ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ ካርቶን 4 ፍሬ ይይዛል፣ 1.44 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ዋጋው ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ በካርቶን 1,500 ብር፣ በፍሬ 375 ብር ነው። በውሉ መሠረት ደሴ መጋዘን ድረስ የሚያደርሰው አቅራቢው ነው። ጭነቱ ሲደርስ 26 ካርቶን ጠርዙ ተጨፍልቋል።

የቅሬታው ዕጣ የሚወሰነው መኪናው ገና በር ላይ እንደቆመ ነው። ሾፌሩ ይቸኩላል፣ አውራጆቹም ይቸኩላሉ፣ የማስረከቢያው ወረቀት ላይ ደግሞ «ዕቃውን በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ታትሞ ይጠብቃል። ገዢው በዝምታ ከፈረመ፣ በኋላ ላይ ሰባራውን ቢያሳይም «አንተው መጋዘን ውስጥ ነው የተሰበረው» የሚል መልስ ይመጣበታል። ስለዚህ ከፊርማው በላይ በእጅ ጽሑፍ «26 ካርቶን ውጪው ተጨፍልቆ የደረሰ፣ ውስጡ ገና ያልታየ» ብሎ መጻፍና ሾፌሩን እዚያው ላይ ማስፈረም ያስፈልጋል። አልፈርምም ካለ እምቢ ማለቱን ጽፎ፣ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎችን በምስክርነት ማስፈረም ይቻላል።

ፎቶውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጭነቱ ሳይወርድ ከመኪናው ታርጋ ጋር ይነሣል። ቀጥሎ የተጨፈለቀው ካርቶን፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሚነበብበት ሁኔታ። በመጨረሻ የተከፈተው ካርቶን ከነስብርባሪው። የሴራሚኩን ቁራጭ ብቻ ቀርቦ ማንሣት ብዙም አይጠቅምም፤ ከየትኛው ጭነት እንደመጣ አይናገርምና። ፎቶውን በቴሌግራም የሚልክ ሰው ደግሞ እንደ ፋይል ቢልከው ጥራቱ አይቀንስም፤ ዋናው ግን ከስልኩ መጥፋት የለበትም።

ካርቶኖቹ ሲከፈቱ እያንዳንዱ ፍሬ ይቆጠራል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ስላለ ደህና የሚመስለውንም በጣት ጫፍ መምታት ነው፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ። የስብራቱም ሁኔታ ይመዝገብ። ካርቶኑ ከውጭ ተጨፍልቆ ፍንጣሪው በሙሉ ውስጡ ከተገኘ ዕቃው የተሰበረው በጉዞ ወይም በጭነት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑ ከውጭ ምንም ሳይሆን ውስጡ ሰባራ ካለና ቁራጮቹ ከጎደሉ፣ ወይም የስብራቱ ፊት አቧራ ከያዘ፣ ቀድሞ በአቅራቢው መጋዘን ተሰብሮ እንደገና የታሸገ ሊሆን ይችላል። ገዢው ራሱ መኪና ተከራይቶ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ቢያስጭን ኖሮ ይህ ልዩነት ትልቅ ክብደት ይኖረው ነበር፤ በጉዞ ለደረሰው ጉዳት የሚጠየቀው አጓጓዡ ሊሆን ይችላልና። በእኛ ምሳሌ ግን ማድረስ የአቅራቢው ግዴታ ስለሆነ ሁለቱም ለእርሱ ይጻፋሉ።

በቆጠራው መሠረት ከ26ቱ ካርቶን 104 ፍሬ ውስጥ 61 ተሰብሯል ወይም ተሰንጥቋል፣ 43 ደህና ነው። እዚህ ላይ «26 ካርቶን ተበላሽቶብኛል» ብሎ መጠየቅ ያጓጓል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። አቅራቢው ሰው ልኮ 43 ደህና ፍሬ ካገኘ፣ እውነተኛውን 61 ጭምር መጠራጠር ይጀምራል። ጥያቄው የ61 ፍሬ፣ ማለትም የ15 ካርቶን ከ1 ፍሬ መሆን አለበት። ዋጋው 22,875 ብር ነው፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ 3,431.25 ሲታከልበት 26,306.25 ብር ይሆናል።

አሁን መፍትሔው። ምትክ፣ የዋጋ ቅናሽ ወይም ገንዘብ መመለስ ሊጠየቅ ይችላል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዕቃው ጠባይ ነው። ሴራሚክ በአንድ ስም እየተሸጠ በየምርት ዙሩ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል፣ መጠኑም በሚሊ ሜትር ይለዋወጣል፤ የዙሩ ምልክት ካርቶኑ ላይ ይታተማል። ከሌላ ዙር የመጣ ምትክ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲነጠፍ ልዩነቱ ይታያል፣ ደንበኛውም ቅሬታውን ወደ ነጋዴው ያመጣል። ስለዚህ «ይተካልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ደብዳቤው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ተጎድቶ ለደረሰ ሴራሚክ ምትክ መጠየቅን ይመለከታል

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከላካችሁልን 200 ካርቶን የወለል ሴራሚክ ውስጥ 61 ፍሬ ተሰብሮና ተሰንጥቆ ደርሶናል። ጉዳቱ በርክክቡ ዕለት በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ተመዝግቦ ሾፌራችሁ ፈርሞበታል። የሰነዱን ቅጂ፣ የቆጠራ ዝርዝሩንና ፎቶግራፎቹን አያይዘናል። የተጎዳው ዕቃ ለብቻው ስለተቀመጠ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር ተመሳሳይ የምርት ዙር ምልክት ያለው 15 ካርቶን ከ1 ፍሬ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ በእናንተ ወጪ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። ከዚያው ዙር ከሌላችሁ ታክሱን ጨምሮ 26,306.25 ብር በዚሁ ቀን ውስጥ እንዲመለስልን እንጠይቃለን።»

ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም። ዕቃው ለምርመራ መቀመጡ የተጻፈው በምክንያት ነው፤ ሰባራውን የጣለ ወይም በርካሽ የሸጠ ገዢ ዋናውን ማስረጃ አጥፍቷል። ገንዘቡ ከተመለሰ ሒሳቡ በሁለቱም መዝገብ እንዲስተካከል ከአቅራቢው ክሬዲት ኖት የሚባለውን የተመላሽ ሰነድ መቀበል ይገባል።

ጊዜውም አይዘገይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ነጋዴው «ሸማች ነኝ» ብሎ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሊከለል አይችልም፤ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን እንጂ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። በስልክ መናገር መልካም ነው፣ ግን ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በአንዱ ላይ የአቅራቢውን ማኅተምና የተቀበለበትን ቀን ማስፈር፣ ወይም በአደራ ፖስታ መላክ ማስረጃ ይሆናል።

አቅራቢው 10 ካርቶን ብቻ ልኮ «በዚህ እንስማማ» ሊል ይችላል። ያንን መቀበል አይከለከልም፤ ነገር ግን ካርቶኖቹ ከመኪናው ሳይወርዱ የዙሩ ምልክት ይታይ፣ በመረከቢያው ላይም «ከ61 ፍሬ ውስጥ 40 ተተክቷል፣ 21 ይቀራል» ተብሎ ይጻፍ።