«ለልጆች» የሚለው ጽሑፍ ዓይን አያቃጥልም ማለት አይደለም

የልጆች ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ገዝታችሁ ልጁ «ዓይኔን!» ብሎ ካለቀሰ፣ ከማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን ንጥረ ነገር እዩ። እንደ አቮቤንዞን ያሉት የፀሐይ ጨረርን የሚውጡ ኬሚካሎች ከላብ ጋር ወደ ዓይን ሲወርዱ ያቃጥላሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ግን ቆዳው ላይ ስለሚቀመጥ ብዙም አይቆጠቁጥም። ነጣ ብሎ ይታያል፤ ለእኔ ይህ ጥቅም ነው፣ ያልተቀባው ቦታ ይለያል።

ልጅ ሲሮጥ ግንባሩ ያልበዋል፣ ክሬሙ ቅንድቡን አልፎ ይወርዳል። ዓይኑን ሲያሽ ደግሞ ጣቱ ላይ ያለው ይጨመራል። ስለዚህ ለፊቱ የፀሐይ መከላከል አቅሙ፣ ማለትም ኤስፒኤፍ፣ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሽታ የሌለው፣ እንደ ሊፕስቲክ የሚቀባ ጠጣር የዚንክ ዓይነት ምረጡ፤ ቶሎ አይፈስም። የዓይን ቆብ ላይ አትቀቡ፣ ሰፊ ባርኔጣ ይከልለው።

የልጆች ቆዳ ይለያያል፤ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ጥቂት ሞክሩ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ጥላና ልብስ ይቀድማል።