የተመጠጠ፣ አቻ እና ኢፌክቲቭ ዶዝ፦ የጨረር መጠን ሦስቱ መለኪያዎች

የሰው አካል ላይ ያረፈ አዮን ፈጣሪ ጨረር መጠኑ በሦስት መንገድ ይገለጻል። የተመጠጠ ዶዝ (አብዞርብድ ዶዝ) ጨረሩ በአካሉ ውስጥ የጣለውን ጉልበት ይነግረናል። አቻ ዶዝ (ኢኩዊቫለንት ዶዝ) በዚያ ላይ የጨረሩን ዓይነት ይጨምራል። ኢፌክቲቭ ዶዝ ደግሞ የተመታው የአካል ክፍል ለካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ያስገባል። የመጀመሪያው በግሬይ፣ ሁለቱ በሲቨርት ይጻፋሉ። ሁለቱ የሲቨርት መለኪያዎች አንድ አሃድ መጋራታቸው ብዙ ስሕተት ስለሚወልድ፣ ሲቨርት ብቻውን ተጽፎ ሲገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የየትኛው?» የሚለው ነው።

ልዩነቱ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሲቲ ስካን ክፍል ነው። አንድ አዋቂ የጭንቅላት፣ ሌላ አዋቂ የደረት ሲቲ ተነሡ እንበል። በማሽኑ የዶዝ ገጽ ላይ CTDIvol የሚባለው የተመጠጠ ዶዝ መለኪያ ለጭንቅላቱ 60 ሚሊግሬይ፣ ለደረቱ 10 ሚሊግሬይ ተጽፏል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የጭንቅላቱ ምርመራ ስድስት እጥፍ ይከፋል ብሎ ይደመድማል። ወደ ኢፌክቲቭ ዶዝ ሲቀየር ግን የጭንቅላቱ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ የደረቱ 5 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

የተመጠጠ ዶዝ ከሦስቱ መሠረታዊውና በመሣሪያ ሊለካ የሚችለው ነው። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎግራም ቁስ ውስጥ አንድ ጁል ጉልበት ቀረ ማለት ነው። በድሮ መሣሪያዎችና መጻሕፍት የሚገኘው ራድ የግሬይ አንድ መቶኛ ነው። ጉልበቱ በሙቀት ሲታይ ከምንም አይቆጠርም። መላ አካሉ 4 ግሬይ የተመታ 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው የወሰደው 280 ጁል ብቻ ነው፤ አንድ ፉት ትኩስ ቡና ከዚህ የበለጠ ሙቀት ወደ ሰውነት ያስገባል። ይሁንና ይህ ዶዝ በአንድ ጊዜ ከደረሰና ሕክምና ካልተገኘ፣ ከተመቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል። ምክንያቱም ጉዳቱን የሚያደርሰው ሙቀቱ ሳይሆን ጨረሩ በሴሎች ውስጥ አዮን እየፈጠረ ዲኤንኤን መበጣጠሱ ነው።

በዶዝ ገጹ ላይ የሚነበበው CTDIvol የታካሚው የራሱ ዶዝ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ማሽኑ በተመሳሳይ ቅንብር አንድን የፕላስቲክ ሲሊንደር ቢያነሣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገኘው አማካይ የተመጠጠ ዶዝ ነው። ለጭንቅላት 16 ሳንቲሜትር፣ ለአዋቂ ደረትና ሆድ 32 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ያገለግላል። ቀጭን ታካሚ ከተጻፈው በላይ፣ ወፍራም ታካሚ ከተጻፈው በታች ይወስዳል።

አንድ ግሬይ የአልፋ ጨረርና አንድ ግሬይ የራጅ ጨረር የጣሉት ጉልበት እኩል ነው፤ በሕዋስ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን እኩል አይደለም። አልፋ ጉልበቱን እጅግ አጭር በሆነ መንገድ ላይ አከማችቶ ስለሚጥል፣ ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች ተቀራራቢ ቦታ ላይ ይቆርጣቸዋል፤ ሴሉም እንዲህ ያለውን ስብራት በትክክል መጠገን ይከብደዋል። አቻ ዶዝ የሚገኘው በአንድ የአካል ክፍል ውስጥ ያለውን አማካይ የተመጠጠ ዶዝ በጨረሩ ማባዣ በማባዛት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት የራጅ፣ የጋማና የቤታ ማባዣ 1፣ የፕሮቶን 2፣ የአልፋ 20 ነው። የኒውትሮን ማባዣ እንደ ጉልበቱ ከ2.5 እስከ 20 ገደማ ይለዋወጣል።

በሲቲም ሆነ በተራ ራጅ ማባዣው 1 ስለሆነ፣ አንጎል የወሰደው 50 ሚሊግሬይ በአቻ ዶዝ ያው 50 ሚሊሲቨርት ነው። ለዚህም ነው በራጅ ክፍል ውስጥ ግሬይና ሲቨርት ቦታ ሲለዋወጡ ማንም የማያስተውለው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ራዶን ጋዝና የመሳሰሉት አልፋ አመንጪዎች ወደ ሳንባ ሲገቡ ነው። ሳንባ ከአልፋ 1 ሚሊግሬይ ሲመጥ አቻ ዶዙ 20 ሚሊሲቨርት ይሆናል፤ ከራጅ 1 ሚሊግሬይ ሲመጥ ግን 1 ሚሊሲቨርት ብቻ ነው።

ወደ ኢፌክቲቭ ዶዝ ለመድረስ የእያንዳንዱ የአካል ክፍል አቻ ዶዝ በክፍሉ ማባዣ ተባዝቶ ይደመራል። የማባዣዎቹ ድምር 1 ነው። መቅኔ፣ ትልቁ አንጀት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና ጡት እያንዳንዳቸው 0.12 ይዘዋል፤ በስም ያልተጠቀሱት ቀሪ ክፍሎችም በአንድነት 0.12 ይዘዋል። የመራቢያ እጢዎች 0.08፣ ፊኛ፣ የምግብ ቧንቧ፣ ጉበትና ታይሮይድ እያንዳንዳቸው 0.04፣ አንጎል፣ የምራቅ እጢ፣ ቆዳና የአጥንት ገጽ እያንዳንዳቸው 0.01 ናቸው። ስሌቱ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ከፊል ምት ያመጣው የካንሰርና የዘር ጉዳት ሥጋት፣ መላ አካሉ በእኩል ቢመታ ስንት ሚሊሲቨርት ከሚያመጣው ሥጋት ጋር ይስተካከላል?

አሁን ወደ ሁለቱ ታካሚዎች እንመለስ። በጭንቅላት ሲቲ አንጎል 50 ሚሊሲቨርት አቻ ዶዝ ቢወስድም ማባዣው 0.01 ስለሆነ ለድምሩ የሚያዋጣው 0.5 ሚሊሲቨርት ነው። የራስ ቅል መቅኔም ይመታል፤ ነገር ግን አቻ ዶዝ በመላው መቅኔ ላይ የሚወሰድ አማካይ ነውና፣ የራስ ቅሉ ድርሻ ከጠቅላላው አነስተኛ በመሆኑ ቁጥሩ ይወርዳል። በደረት ሲቲ ግን ሳንባ፣ ጡትና ጨጓራ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በጨረሩ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሦስቱም 0.12 የያዙ ናቸው። አነስተኛው ግሬይ ትልቅ ኢፌክቲቭ ዶዝ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በተግባር ማንም የእያንዳንዱን ክፍል ዶዝ በእጁ አያሰላም። በዶዝ ገጹ ላይ DLP የሚል ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ ይህም CTDIvol በተነሣው ርዝመት ተባዝቶ የሚገኝ ነው። የጭንቅላቱ 60 በ16 ሳንቲሜትር ሲባዛ 960፣ የደረቱ 10 በ35 ሳንቲሜትር ሲባዛ 350 ይሆናል። በስፋት የሚሠራባቸው የአዋቂ መቀየሪያ ቁጥሮች ለጭንቅላት 0.0021፣ ለደረት 0.014 ናቸው፦

```
E = DLP × k
ጭንቅላት: 960 × 0.0021 = 2.0 mSv
ደረት:    350 × 0.014  = 4.9 mSv
```

እነዚህ መቀየሪያዎች የተሰሉት ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የቀድሞ የማባዣ ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ጡት 0.05፣ የመራቢያ እጢዎች 0.20 ነበሩ። አንዲት ሴት በተመሳሳይ ማሽን፣ በተመሳሳይ ቅንብር ብትነሣ በሁለቱ ሰንጠረዦች የሚወጣው ኢፌክቲቭ ዶዝ ይለያያል፤ በሰውነቷ ላይ የደረሰው ግን ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሆስፒታሎች ቁጥሮቻቸውን ሲያወዳድሩ የትኛውን ሰንጠረዥ እንደተጠቀሙ ካልጻፉ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ለሕፃናት መቀየሪያው ይለያል። ለአንድ ዓመት ልጅ ጭንቅላት 0.0067 ነው፤ ከአዋቂው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። DLP 300 ብቻ የተጻፈለት ሕፃን ኢፌክቲቭ ዶዙ እንደገና 2 ሚሊሲቨርት ይመጣል። የልጅ ደረትና ሆድ ሲሆን ሌላ ወጥመድ አለ፦ የልጆቹ መቀየሪያ በ16 ሳንቲሜትር ሲሊንደር ላይ ተመሥርቶ ሳለ ማሽኑ DLP የጻፈው በ32 ሳንቲሜትር ከሆነ ውጤቱ ግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሲሊንደሩ የትኛው እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከማስላት በፊት ማየት ይገባል።

ኢፌክቲቭ ዶዝ ሊሠራበት የማይገባ ቦታ አለ፤ እርሱም የቆዳ መቅላት፣ የፀጉር መርገፍ፣ የዓይን ሞራ የመሳሰሉ ከተወሰነ መጠን በላይ ብቻ የሚመጡ ጉዳቶች ናቸው። እነዚህ የሚከተሉት በዚያች ቦታ የተመጠጠውን ዶዝ ነው። ቆዳ በአንድ ጊዜ 2 ግሬይ ገደማ ሲደርሰው ለጊዜው ሊቀላ፣ 3 ግሬይ ገደማ ሲደርሰው ፀጉር ለጊዜው ሊረግፍ፣ 7 ግሬይ ገደማ ሲደርሰው ለዘለቄታው ላይበቅል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል የታየው ይህንን በደንብ ያስረዳል። ስትሮክ የተጠረጠረባቸው ታካሚዎች የአንጎል የደም ፍሰት ሲቲ ሲነሡ የማሽኑ ቅንብር ተሳስቶ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንደገለጸው፣ ጭንቅላታቸው ቢበዛ 0.5 ግሬይ ሊወስድ ሲገባው ከ3 እስከ 4 ግሬይ ወስዷል፤ ስሕተቱ 18 ወር ቆይቶ 206 ሰዎችን ነክቷል። የአንዳንዶቹ ፀጉር ረገፈ፣ ቆዳቸውም ቀላ። ለማሳያ ያህል 3.5 ግሬይ በ4 ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ አረፈ ብለን ከላይ ባለው ስሌት ብንቀይረው 29 ሚሊሲቨርት ገደማ ይወጣል። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ተቆጣጣሪ ከፍ ያለ ምርመራ መሆኑን ይረዳል እንጂ ፀጉር እንደሚረግፍ ሊጠረጥር አይችልም። CTDIvol 3500 ሚሊግሬይ ብሎ ቢያነብ ግን ታካሚው ከጠረጴዛው ሳይወርድ ያስቆመው ነበር።

በጨረር ሕክምናም ሲቨርት ቦታ የለውም። ዕጢን ለመግደል የሚታዘዘው በግሬይ ነው፤ ለምሳሌ በቀን 2 ግሬይ ለ25 ቀን፣ በድምሩ 50 ግሬይ። የአልፋ ማባዣ የሆነው 20 የተመረጠው በዝቅተኛ ዶዝ ለሚመጣ የካንሰር ሥጋት ስለሆነ፣ በከፍተኛ ዶዝ የሚሞቱ ሴሎችን ለመገመት አያገለግልም።

ኢፌክቲቭ ዶዝ የአንድን ታካሚ የካንሰር ዕድል ለመንገርም አልተሠራም። የአካል ክፍል ማባዣዎቹ የወንድና የሴት፣ የወጣትና የሽማግሌ አማካይ ናቸው። ለ20 ዓመት ሴትና ለ75 ዓመት ወንድ 5 ሚሊሲቨርት የተጻፈበት የደረት ሲቲ ሥጋቱ እጅግ ይለያያል። ለአንድ ሰው መልስ ከተፈለገ የሚነሡት በየክፍሉ የተመጠጠው ዶዝ፣ ዕድሜና ጾታ ናቸው። ኢፌክቲቭ ዶዝ ተገቢ ቦታው የምርመራ ዓይነቶችን ማወዳደርና የሥራ ገደብን መቆጣጠር ነው።

ኮሚሽኑ የሚመክራቸው ገደቦችም በሁለቱ የሲቨርት መለኪያዎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ለጨረር ሠራተኛ ኢፌክቲቭ ዶዝ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 አይበልጥም። ለሕዝብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ለዓይን ሌንስ፣ ለቆዳና ለእጅ ግን ገደቡ የተቀመጠው በአቻ ዶዝ ነው፤ የቆዳና የእጅ 500 ሚሊሲቨርት በዓመት ሲሆን፣ የሌንሱ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ከ150 ወደ 20 ዝቅ ብሏል።

ይህ ክፍፍል በደረት ላይ የሚንጠለጠለውን የዶዝ ባጅ አነባበብ ይወስናል። የልብ ካቴተር የሚሠራ ሐኪም ባጁን ከእርሳስ ሽርጡ ሥር ካደረገ ንባቡ ለኢፌክቲቭ ዶዝ ግምት ቢጠቅምም፣ ሽርጡ ያልሸፈናቸው ዓይኖቹና ጣቶቹ የወሰዱትን አይናገርም። ባጁ ከሽርጡ በላይ በአንገት አካባቢ ሲደረግ ለዓይን ዶዝ ጥሩ ጠቋሚ ይሆናል፤ ያንኑ ንባብ እንደ ኢፌክቲቭ ዶዝ መመዝገብ ግን ሠራተኛው ከወሰደው እጅግ የበዛ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሁለት ባጅ፣ ጣታቸው ወደ ጨረሩ ከቀረበም የቀለበት መለኪያ ይይዛሉ፤ በመዝገቡም ላይ እያንዳንዱ ንባብ የት ተለብሶ እንደተወሰደ አብሮ ይጻፋል።