በጎንደር የሞባይል ካርድ ችርቻሮ፦ ከአንድ ካርድ ስንት ይተርፋል?

ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ አዘዞም ሆነ ቅዳሜ ገበያ፣ ጎንደር ውስጥ የሞባይል ካርድ ፈልጎ ሩቅ የሚሄድ ሰው ብዙም የለም። ሱቁም ይሸጣል፣ ሊስትሮውም ይሸጣል። ነጋዴው ካርዱን በጅምላ ከተጻፈበት ዋጋ አሳንሶ ይገዛል፣ በተጻፈበት ዋጋ ይቸረችራል። ልዩነቱ የእሱ ነው።

ካርዱ ከድርጅቱ ወጥቶ በዋናና በንዑስ አከፋፋዮች በኩል ያልፋል። በየደረጃው ቅናሹ ስለሚቆረስ ለቸርቻሪው የሚደርሰው ትንሹ ድርሻ ነው። መጠኑም እንደ አከፋፋዩና እንደ ግዢው ይለያያል። ለስሌት እንዲመች 4 በመቶ እንበል።

የ2000 ብር ባለ 10 ካርድ 200 ፍሬ ነው። ነጋዴው 1920 ብር ይከፍላል፤ ሁሉም ሲሸጥ 80 ብር ይተርፈዋል። ከአንድ ባለ 10 ካርድ 40 ሳንቲም፣ ከባለ 5 ደግሞ 20 ሳንቲም ማለት ነው። ባለ 100 ካርድ 4 ብር ስለሚያስገኝ የተሻለ ይመስላል። ግን 20 ባለ 5 ካርዶችም ያው 4 ብር ናቸው። በቅናሹ በኩል ትልቅና ትንሽ ካርድ አይበላለጡም።

የሚበላለጡት በፍጥነት ነው። ተማሪ በሚበዛበት በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንንሹ ካርድ ቶሎ ያልቃል፤ ባለ 100 ግን መሳቢያ ውስጥ ሊሰነብት ይችላል። ያው 1920 ብር በሳምንት አንዴ ቢዞር 80 ብር፣ ሁለቴ ቢዞር 160 ብር ያስገባል። ጎበዝ የጎንደር ነጋዴ የሚያሰላው ይህን ዙር ነው።

ትርፉን የሚበላው ጥፋት ነው። አንድ ባለ 10 ካርድ ቢጠፋ ወይም በዱቤ ወጥቶ ቢቀር የወጣበት 9 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ይህን ለመተካት ሌላ 24 ካርድ መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥቅሉን አከፋፋዩ ፊት መቁጠር ግድ ነው። ሲፋቅ ቁጥሩ የተበላሸ ካርድ ግን ወዲያው አይጣልም። ካርዱ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነና ተከታታይ ቁጥሩ ከተነበበ 994 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ትንንሽ ካርድ ከገበያ ሲጠፋ ባለ 5ቱን 6 ብር የሚሸጡም አሉ ይባላል። በዚህ ስሌት ትርፉ ከ20 ሳንቲም ወደ 1 ብር ከ20 ይዘላል፤ ስድስት እጥፍ ነው። ግን ዋጋው ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ደንበኛም ያነባል። ይህ ትክክል አይደለም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደንበኛው ራሱ መሙላት ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ገበያውን ተቀላቀለ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ካርድ መያዝ የሚፈልግ ቸርቻሪ ያንኑ 1920 ብር ለሁለት መክፈል አለበት። አንደኛው ካልተሸጠ ግማሹ ገንዘብ ታስሮ ይቀራል። በካርድ ፋንታ ሂሳብ በስልክ የሚልክ ነጋዴ ካርድ አይጠፋበትም፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ግን ሂሳቡ ሌላ ሰው ጋ ይገባል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ለደንበኛው መልሶ ያነብለታል።