የውጭ አገር ግብር ማካካሻ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ የቤተሰብ ፒኤልሲ አለ እንበል። ጎረቤት አገር አንድ ቅርንጫፍ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ አተረፈ፤ የዚያ አገር ግብር ሰብሳቢም ድርሻውን ወሰደ። ፒኤልሲው ግን የኢትዮጵያ ነዋሪ ነውና ውጭ ያገኘውም ትርፍ እዚህ ግብር አለበት። አንድ ትርፍ ሁለቴ ተቆነጠረ ማለት ነው።

ማካካሻው ለዚህ የመጣ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 45 መሠረት እዚያ የተከፈለው ግብር በዚያው ገቢ ላይ እዚህ ከሚመጣው ይቀነሳል። ጣሪያ ግን አለው፤ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚያዘው።

በቁጥር እንየው። ሱቁ 1,000,000 ብር አተረፈ፤ እዚያ 250,000 ተከፈለ። የፒኤልሲ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ እዚህ 300,000 ይመጣል። 250,000 ሲነሳ የሚቀረው 50,000 ብር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ጅማ ያለው ዋና ቢሮ ለሱቁ ያወጣው 200,000 ብር ተቀናሽ ወጪ አለ፤ እዚያ አልተያዘለትም፣ እዚህ ግን ይያዛል እንበል። የተጣራው ገቢ 800,000 ይሆናል፤ የእኛ ግብር ደግሞ 240,000። ስለዚህ 250,000 ቢከፈልም የሚካካሰው 240,000 ብቻ ነው። የተረፈችው 10,000 ጅማ በተሸጠው ቡና ግብር ላይ አትቀነስም።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ለእኛው ግብር ሰብሳቢ የሚጻፈው የማካካሻ መጠየቂያ ደብዳቤ ይቀራል። ገቢው፣ የግብር ዘመኑ፣ የተከፈለው መጠን በውጭ ገንዘብና በብር፣ የተመነዘረበት የብሔራዊ ባንክ ተመንና የሚጠየቀው ማካካሻ ይጻፍበት። ከአባሪዎቹ ሁሉ ዋናው ከውጭ አገሩ ግብር ባለሥልጣን የተሰጠ ደረሰኝ ነው። ባለቤቱ እዚያ ካለው ሒሳብ ሠራተኛ የመጣ ማረጋገጫ ይዞ ሲመጣ ጅማ ያለችው አካውንታንት ምን ትለዋለች? «ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት እንጂ ደረሰኝ አይደለም።» ልክ ናት። የባንክ ማስተላለፊያም ገንዘብ መውጣቱን እንጂ ለምን ግብር እንደተከፈለ አይናገርም። ደረሰኙን ደግፎ የሚቆመው የግብር ውሳኔውና የቅርንጫፉ ሒሳብ ነው። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ካልሆነ ትርጉም ሊጠየቅ ይችላል።

ጊዜውም ያወዛግባል። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ የዚያኛው አገር ታኅሣሥ 22 ገደማ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አዋጁ ገቢው ከተገኘበት የግብር ዘመን ማብቂያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተከፈለውን ይቀበላል፤ የእኛው ግብር ሰብሳቢ በጽሑፍ ካራዘመም ተጨማሪ ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙን እዩት። ደረሰኙ ላይ የሱቁ ስም ብቻ ካለ ፒኤልሲው መክፈሉ በምን ይታወቃል? ሱቁን ከጅማው ድርጅት ጋር የሚያገናኘውን የቅርንጫፍ ምዝገባ አብራችሁ አያይዙ።